«ከፍላለች፤ ስለዚህ ይገባታል» እና «ተከልክላለች፤ ስለዚህ አልከፈለችም»፦ ከእድር ስብሰባ የመጣ ጥያቄ (አዳማ)

የእድር ጸሐፊ (አዳማ) | ሰኞ ምሽት

እንደምን ዋላችሁ። አዳማ ውስጥ የአንድ ሰፈር እድር ጸሐፊ ነኝ። በመተዳደሪያ ደንባችን እንዲህ የሚል አንቀጽ አለ፦ «በተከታታይ ሦስት ወር መዋጮ ያልከፈለ አባል የሐዘን ክፍያ አያገኝም።»

አንዲት አባላችን አክስታቸው አርፈውባቸው ክፍያ ጠየቁ፤ ኮሚቴው ከለከላቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓይነት ንግግር እሰማለሁ። ወንድማቸው በእሑዱ ስብሰባ ተነሥተው «ደንቡ ያልከፈለ አያገኝም ይላል። እህቴ አንድም ወር ሳታሳልፍ ከፍላለች። ስለዚህ ይገባታል» አሉ፤ ብዙ ሰውም በጭብጨባ ደገፋቸው። በሰፈሩ ደግሞ ቡና በተጠጣ ቁጥር «ያልከፈለ አያገኝም፤ እርሷ አላገኘችም፤ ስለዚህ አልከፈለችም» እየተባለ የሴትዮዋ ስም ይነሣል። የደረሰኙ ቀሪ በእጄ ነው፤ ከፍለዋል።

ሁለቱም አነጋገር ልክ እንዳልሆነ ይሰማኛል። የሚመጣው እሑድ ጉዳዩ እንደገና ይታያል፤ ጉድለቱ የቱ ጋ እንደሆነ ለጉባኤው በግልጽ ማሳየት እፈልጋለሁ። የምታውቁ እርዱኝ።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ | ሰኞ ምሽት

ይህን በዚህ ሴሚስተር በሎጂክ ትምህርት ተምረነዋል። «ይህ ከሆነ ያ ይሆናል» ሲባል «ይህ ከሆነ» የሚለው ቀዳሚው፣ «ያ ይሆናል» የሚለው ተከታዩ ነው። ወንድማቸው የተናገሩት ቀዳሚውን መካድ ይባላል፤ ጎረቤቶቹ የሚሉት ደግሞ ተከታዩን ማጽደቅ። ሁለቱም የታወቁ ስሕተቶች ናቸው። ስለዚህ ሁለቱም መደምደሚያዎች ሐሰት ናቸው። ጉባኤው ላይ ለወንድማቸው «ንግግርዎ ስሕተት ስለሆነ ክፍያው አይገባቸውም» ብለው መመለስ ይችላሉ።

የመልካሳ መንገድ ነዋሪ | ሰኞ ምሽት

የእድር ነገር ከተነሣ እኔም ልናገር። የእኛ እድር ቀብር ላይ ዘግይተህ ደረስህ ብሎ ቀጣኝ። ታክሲ አጥቼ ነው ብል የሚሰማኝ አላገኘሁም። ለመሆኑ እድር ያለ ፍርድ ቤት ሰውን በገንዘብ መቅጣት ይችላልን? የጸሐፊውም ጥያቄ ይኸው ይመስለኛል።

ሎጂክ አስተማሪ | ማክሰኞ ጠዋት

ወንድሜ የመልካሳ መንገድ ነዋሪ፣ ያነሡት ጉዳይ ራሱን የቻለ ክር ይገባዋል። እዚህ የተጠየቀው ሌላ ነው።

ተማሪው ስሞቹን በትክክል ጠርቷል፤ ወደ መጨረሻው ግን ሳተ። በመጀመሪያ አንቀጹ የሚናገረውን ብቻ እንያዝ። «ያልከፈለ አያገኝም» የሚለው ቃል ስለ አንድ ዓይነት አባል ብቻ ይናገራል፤ እርሱም ያልከፈለው ነው። ስለ ከፈለው አባል ምንም አላለም። የከፈለ ሰው ቢያገኝ አንቀጹ አይጣስም፤ ባያገኝም አይጣስም። ወንድማቸው ያደረጉት ደንቡ ዝም ያለበትን ስፍራ በራሳቸው ቃል መሙላት ነው።

ጎረቤቶቹ ደግሞ ከኋላ ወደ ፊት ሄደዋል። አንድ ሰው ክፍያ የሚከለከልበት ምክንያት ብዙ ሊሆን ይችላል፤ አንቀጹ ከእነዚያ አንዱን ነግሮናል። ከመከልከሉ ተነሥቶ ወደዚያ አንድ ምክንያት ለመድረስ ሌሎቹ ምክንያቶች በሙሉ እንደሌሉ መታወቅ አለበት። ያንን ማንም አላጣራም።

ከዚህ አንቀጽ በትክክል የሚወጣው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንድ አባል ሦስት ወር እንዳልከፈለ ካወቅን አያገኝም ማለት እንችላለን። ደግሞም ደንቡ ተከብሮ አንድ አባል ክፍያውን ካገኘ፣ ያ ሰው ከፋይ ነው ማለት እንችላለን። ወንድማቸውና ጎረቤቶቹ የሄዱባቸው ሌሎቹ ሁለት አቅጣጫዎች ከአንቀጹ አይወጡም።

ለጉባኤው ለማሳየት ቅርጹን ሳይነኩ ቃላቱን ይለውጡ። «አዳማ የሚኖር ሰው ኦሮሚያ ውስጥ ይኖራል። እገሌ አዳማ አይኖርም። ስለዚህ ኦሮሚያ ውስጥ አይኖርም» ይበሉ። አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ «ቢሾፍቱስ?» ብሎ ይጮኻል። ይህ የወንድማቸው ንግግር ቅርጽ ነው። ቀጥለው «እገሌ ኦሮሚያ ውስጥ ይኖራል፤ ስለዚህ አዳማ ይኖራል» ይበሉ፤ «ጅማስ?» ይሉዎታል። ይህኛው የጎረቤቶቹ ነው። ሰው የማያውቀውን ነገር ሲሰማ የሚያልፈውን ቅርጽ፣ የሚያውቀው ነገር ሲገባበት ወዲያው ይይዘዋል።

አሁን ወደ ተማሪው። ማስረጃው አልያዘም ማለት መደምደሚያው ሐሰት ነው ማለት አይደለም። እገሌ በእውነት አዳማ ነዋሪ ሊሆን ይችላል፤ ኦሮሚያ ውስጥ በመኖሩ ብቻ ግን አልተረጋገጠም። ሴትዮዋም በሌላ አንቀጽ ክፍያው ይገባቸው ይሆናል። «አይገባቸውም» የሚለው ራሱ አዲስ ንግግር ስለሆነ የራሱን ማስረጃ ይፈልጋል።

አቶ ጸሐፊ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ኮሚቴው የከለከለው በምን ምክንያት ነው?

የእድር ጸሐፊ | ማክሰኞ ጠዋት

አዳማና ቢሾፍቱ በደንብ ገብተውኛል፤ እሑድ እጠቀምባቸዋለሁ። የተከለከሉት በመዋጮ አይደለም። አክስታቸው በቤተሰብ መዝገባቸው ላይ ስላልሰፈሩ ነው። አባላችንን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያሳደጓቸው ግን እኚሁ አክስት ናቸው።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ | ማክሰኞ ቀትር

ስለ እርማቱ አመሰግናለሁ መምህር። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ፣ ያ ሁሉ ሰው ለወንድማቸው ለምን አጨበጨበ? አስተዋይ ሽማግሌዎችም በዚያ ነበሩ መሰለኝ።

ሎጂክ አስተማሪ | ማክሰኞ ከሰዓት

ያጨበጨቡት ሰዎች ሞኞች ስላልሆኑ ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር «ይህን ካላደረግህ ያን አታገኝም» የምንለው ብዙ ጊዜ ለማስጠንቀቅ ወይም ለመዋዋል ነው። አባት ልጁን «ካላጠናህ ኳስ አትጫወትም» ካለውና ልጁ አጥንቶ ቢከለከል፣ ልጁ ተታለልሁ ብሎ ያለቅሳል፤ ልክም ነው። አባትየው «ካጠናህ ትጫወታለህ» የሚል ቃል አልወጣውም፤ ግን እንዲያ ተብሎ እንዲሰማ አድርጎ ተናግሯል።

እ.ኤ.አ. በ1971 ማይክል ጋይስና አርኖልድ ዝዊኪ የተባሉ የቋንቋ ሊቃውንት ይህንኑ ጽፈውበታል። ምሳሌያቸው «ሣሩን ካጨድህልኝ አምስት ዶላር እሰጥሃለሁ» የሚል ነው። ሰሚው «ካላጨድሁ አይሰጠኝም» ብሎ ይረዳል፤ ቃሉ ባይለውም አነጋገሩ ይጋብዘዋል። እንግዲህ ሰው ሲናገር ስትሰማ የመጀመሪያው ጥያቄህ ይህ ይሁን፦ ተናጋሪው ቃል እየገባ ነው ወይስ ስለ ነገሩ ሁኔታ እየተናገረ? ቃል ከሆነ ተገላቢጦሹ አብሮ ታስቦ ሊሆን ይችላልና ጠይቅ። «የወባ ሕመምተኛ ያተኩሰዋል» የሚል ንግግር ከሆነ ግን ማንም ምንም ቃል አልገባም፤ ተገላቢጦሹን ከየትም ልታመጣው አትችልም።

ከዚህም የተነሣ ወንድማቸውን በጉባኤ ፊት «ተሳስተዋል» ብሎ ማስቀመጥ ተገቢ አይመስለኝም። «የእድሩ ደንብ የከፈለ ሁሉ ያገኛል የሚል ቃል ገብቷልን?» ብሎ ጥያቄውን ማስተካከል ይበቃል።

የሰፈር እናት | ማክሰኞ ምሽት

እኔ የተማርሁት ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ይህ ሁሉ ጽሑፍ አላሳመነኝም። እኛ ጎረቤቶች የምንለው አጭር ነው፦ ከፍላ ቢሆን ኖሮ ይከለክሏት ነበርን? ኮሚቴው ዝም ብሎ ሰው አይከለክልም። በዚህ ውስጥ ምን ስሕተት አለ?

ሎጂክ አስተማሪ | ማክሰኞ ምሽት

እናቴ፣ ይህ በክሩ ውስጥ የተነሣ ትልቁ ጥያቄ ነው። እርስዎ የተናገሩት ጎረቤቶቹ ከሚሉት የተለየ ነው፤ ልዩነቱን ማየት ይጠቅመናል።

«ከፍላ ቢሆን ኖሮ ይከለክሏት ነበርን?» ስንል ጥያቄ ይመስላል እንጂ ውስጡ ደንብ ነው፦ የከፈለ አይከለከልም። ይህ ደንብ እውነት ከሆነና ሴትዮዋ ከተከለከሉ፣ አልከፈሉም ማለት ይቻላል። አካሄዱ ምንም ነቀፋ የለበትም፤ ያዳማው ሰው ኦሮሚያ ውስጥ እንደሚኖር ካወቅን፣ ኦሮሚያ ውስጥ የማይኖረው ሰው አዳማ አይኖርም እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ለእርስዎ «ተከታዩን አጸደቁ» ብሎ የሚመልስ ሰው ተሳስቷል።

ችግሩ በደንቡ ላይ ነው። «የከፈለ አይከለከልም» የሚል ነገር በመተዳደሪያው ውስጥ የለም። የተጻፈው «ያልከፈለ አያገኝም» ብቻ ነው። ጸሐፊው እንደ ነገሩን፣ መዝገብ ላይ ባለመስፈር ምክንያት ከፍለውም የተከለከሉ አንድ ሰው አሉ፤ እርሳቸውም ሴትዮዋ ናቸው።

በንግግር ውስጥ እነዚህን ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል፤ መልሳቸው የተለያየ ነውና። አንድ ሰው «የሰረቀ ይሸሻል፤ ይህ ልጅ ሸሽቷል፤ ስለዚህ ሰርቋል» ቢል፣ መጀመሪያውን እንኳ ብትቀበልለት መጨረሻው አይከተልም። «ሌባ ያልሆነም የሚሸሽበት ምክንያት አለ» ትለዋለህ። «ካልሰረቀ ለምን ይሸሻል?» ቢል ግን አካሄዱን ብትነቅፍ ይረታሃል። ማንሣት ያለብህ የተደበቀውን ደንብ ነው፦ «ያልሰረቀ አይሸሽም ያለው ማን ነው? ዱላ የያዘ ሕዝብ ሲመጣበት ማን ይቆማል?» ስም የሚያጠፋ ንግግር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በዚህ በሁለተኛው መልክ ነው፤ ደንቡ በጥያቄ ስለሚሸፈን ማንም አይመረምረውም።

የሰፈር እናት | ማክሰኞ ምሽት

የመዝገቡን ነገር ማንም አልነገረንም። ኮሚቴው ምክንያቱን ቢናገር ኖሮ ይህ ሁሉ አይባልም ነበር።

የጤና ጣቢያ ነርስ | ረቡዕ ጠዋት

መምህር ወባን ስላነሡ በእኔ በኩል ያለውን ልጨምር። አዳማና አካባቢዋ ወባ ያለባት ምድር ናት። ሰው አተኩሶት ሲመጣ «ወባ ያተኩሳል፤ አተኩሶኛል፤ ወባ ነው» ብሎ መድኃኒቱን ብቻ ይጠይቃል። ትኩሳት ግን ከታይፎይድም ከሳንባ ምችም ከሌላም ይመጣል። ስለዚህ በደም እንመረምራለን።

ምርመራውም ቢሆን ያው ነው። በብዛት የምንጠቀምበት ፈጣን መመርመሪያ ለአንደኛው የወባ ዓይነት የሚፈልገው ጥገኛ ተሕዋሱ የሚያመነጨውን ፕሮቲን ነው። ያ ፕሮቲን ሰውየው ታክሞ ከዳነ በኋላ እንኳ ለሳምንታት ደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በቅርቡ ታክሞ የነበረ ሰው መመርመሪያው ላይ መስመር ስለ ወጣ ብቻ አሁን ወባ አለበት አልልም፤ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ አደርጋለሁ።

ግን መምህር፣ እኛ ሥራችን ሁሉ ከምልክት ወደ ምክንያት መሄድ ነው። ተከታዩን ማጽደቅ ስሕተት ከሆነ ሕክምና በምን ይቆማል?

ሎጂክ አስተማሪ | ረቡዕ ከሰዓት

የእርስዎ አሠራር ራሱ መልሱን ይዟል። ትኩሳቱን አይተው ወባን ጠረጠሩ እንጂ ወባ ነው ብለው አልደመደሙም፤ ሌሎቹን ምክንያቶች ለመለየት መረመሩ። ከምልክት ወደ ምክንያት የሚሄድ ሐሳብ እንደ ግምት ሲያዝ ጠቃሚ ነው፤ ጥንካሬውም ያንኑ ምልክት ሊያመጡ የሚችሉ ሌሎች ምክንያቶች ምን ያህል እንደሆኑና ምን ያህል እንደሚያጋጥሙ በማየት ይወሰናል። በወባ ወቅት የመጣ ትኩሳት ከሌላው ጊዜ ይልቅ ወደ ወባ ያመዝናል። በእድሩም ከዚህ በፊት የተከለከሉት አብዛኞቹ ያልከፈሉ ቢሆኑ፣ ጎረቤት «ምናልባት አልከፈለች ይሆናል» ብሎ ቢገምት አልወቅሰውም። «ምናልባት» የሚለው ቃል ሲወድቅና ደረሰኙን የጠየቀ ሰው ሲጠፋ ነው ግምቱ ስም ማጥፋት የሚሆነው።

ሒሳብ ያዥ | ረቡዕ ምሽት

እኔ በሌላ እድር ገንዘብ ያዥ ነኝ። ይህ ደንብ መከበሩን ለማጣራት ከፈለግሁ የትኛውን ሰነድ ነው የማየው? እስከ ዛሬ የከፈሉትን ሰዎች ዝርዝር አውጥቼ ክፍያ አግኝተው እንደሆነ አያለሁ።

ሎጂክ አስተማሪ | ረቡዕ ምሽት

አራት የአባል ደብተር ጠረጴዛ ላይ አሉ እንበል። በአንድ ገጽ የመዋጮው ሁኔታ፣ በሌላው ገጽ የሐዘን ክፍያው ተጽፏል። የሚታየው አንድ ገጽ ብቻ ነው፦ «ሦስት ወር አልከፈለም»፣ «ከፍሏል»፣ «ክፍያ ተሰጠው»፣ «ክፍያ አልተሰጠውም»። ደንቡ ተጥሶ እንደሆነ ለማወቅ የትኞቹን ይገልጣሉ?

«ከፍሏል» የሚለውን መግለጥ አይጠቅምም። በስተጀርባው ያለው ምንም ቢሆን ደንቡን አያፈርስም። «አልተሰጠውም» የሚለውም እንዲሁ ነው። መገለጥ ያለባቸው «አልከፈለም» እና «ተሰጠው» የሚሉት ናቸው፤ ደንቡ የሚጣሰው ሳይከፍል የተሰጠው ሰው ከተገኘ ብቻ ነውና። ፒተር ዌሰን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1966 ይህን የመሰለ ፈተና በፊደልና በቁጥር ካርዶች አቅርቦ ነበር፤ በትክክል የመለሱት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ፈተናው ሰው በሚያውቀው የፈቃድና የክልከላ ደንብ ሲቀርብ ግን ብዙዎች ያገኙታል።

እርስዎም የከፋዮችን ዝርዝር ትተው ክፍያ የተሰጣቸውን ሰዎችና ውዝፍ ያለባቸውን ይመልከቱ።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ | ሐሙስ ጠዋት

አቶ ጸሐፊ፣ የመዝገቡ አንቀጽ ቃል በቃል ምን ይላል?

የእድር ጸሐፊ | ሐሙስ ቀትር

«በአባሉ የቤተሰብ መዝገብ የሰፈረ ዘመድ ሲሞት ለአባሉ የሐዘን ክፍያ ይሰጣል።»

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ | ሐሙስ ቀትር

እንግዲያውስ ኮሚቴው ራሱ ቀዳሚውን ክዷል! አንቀጹ ለሰፈረ ይሰጣል አለ። አክስትየው አልሰፈሩም። ኮሚቴው «ስለዚህ አይሰጥም» አለ። ይህ ወንድማቸው ከተናገሩት ጋር በቅርጹ አንድ ነው። አንቀጹ ስላልሰፈረ ዘመድ አልተናገረም፤ «ለሰፈረ ብቻ» አላለም።

ሎጂክ አስተማሪ | ሐሙስ ከሰዓት

አንቀጹ እንደ ጸሐፊው ቃል ከሆነ ተማሪው ልክ ነው። ከዚህ አንቀጽ ብቻ ክልከላው አይወጣም።

ጠበቃ (ሐዋሳ) | ሐሙስ ምሽት

ክሩን ዘግይቼ ነው ያየሁት። በሎጂኩ ከመምህሩ ጋር አልከራከርም፤ ሰነድ የሚነበበው ግን አንቀጽ ለብቻው ተቆርጦ አይደለም። በሕግ ሥራ ከዝምታ መከራከር የተለመደ ነው፤ «ሕግ አውጪው እነዚህን ዘርዝሮ ያንን ከተወ፣ የተወው ሊያካትተው ስላልፈለገ ነው» እንላለን። ክርክሩ የሚጸናው ዝርዝሩ የተሟላ መሆኑን የሚያሳይ ነገር ሲኖር ነው። የእድር ገንዘብ የጋራ ነው፤ ኮሚቴው ደንቡ ስጥ ያላለውን መስጠት አይችልም ብሎ የሚከራከር ሰው ጠንካራ መሠረት አለው። በዚህ አነባበብ «ለሰፈረ ይሰጣል» ማለት «ለሰፈረ ብቻ» ማለት ይሆናል።

ነገር ግን ወንድምየውም በዚያው ሚዛን ሊዳኙ ይገባል። ክፍያ የሚከለከልባቸው ምክንያቶች በአንድ ምዕራፍ ተዘርዝረው ከሆነና መዝገብ ላይ አለመስፈር ከመካከላቸው ከሌለ፣ «ከተዘረዘሩት ውጪ አይከለከልም» የማለት መብት አላቸው። ኮሚቴው ለራሱ ዝምታን እንደ ክልከላ አንብቦ፣ ለአባሉ ግን ዝምታ ምንም አይናገርም ሊል አይችልም።

አቶ ጸሐፊ፣ ሦስት ነገር ይዩልኝ፦ ከአንቀጾቹ በአንዱ «ብቻ» የሚል ቃል አለን? የክልከላ ምክንያቶች በአንድ ቦታ ተዘርዝረዋልን? ከዚህ በፊት ላልተመዘገበ ዘመድ ተከፍሎ ያውቃልን?

ሎጂክ አስተማሪ | ሐሙስ ምሽት

በዚህ ከጠበቃዋ ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ልማድ የጎደለውን ቃል ሊሞላ ይችል ይሆናል፤ እንደ ሞላው ግን በግልጽ መነገር አለበት። «ደንቡ ይህን ይላል» እና «ደንቡን እንዲህ ልናነብበው ይገባል» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ንግግሮች ናቸው። ኮሚቴው የተናገረው የመጀመሪያውን ነው።

የእድር ጸሐፊ | ዓርብ ጠዋት

ደንቡን ሌሊት ከዳር እስከ ዳር አነበብሁት። «ብቻ» የሚል ቃል በሁለቱም አንቀጾች የለም። የክልከላ ምክንያቶች በአንድ ምዕራፍ አልተሰበሰቡም፤ በየቦታው ተበትነዋል። አንድ አባል ከዓመታት በፊት ላልተመዘገቡ አጎታቸው ክፍያ እንደ ተሰጣቸው የቀድሞው ሊቀ መንበር ነግረውኛል፤ ቃለ ጉባኤውን እየፈለግሁ ነው፤ እስካሁን አላገኘሁትም።

እሑድ በመጀመሪያ ደረሰኙን አነብባለሁ፤ መዋጮው ተከፍሏል፤ ይህ ያለቀ ነገር ነው። የክፍያውን ጉዳይ ግን ሁለቱንም አንቀጾች ጎን ለጎን ጽፌ ለጉባኤው አቀርባለሁ። እናታችን እንዳሉትም ኮሚቴው ከእንግዲህ ሲከለክል ምክንያቱን ጽፎ እንዲሰጥ ሐሳብ አቀርባለሁ።

የሰፈር እናት | ዓርብ ምሽት

ደረሰኙን ስታነብ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብ ልጄ። ከኋላ የምንቀመጠው ነን ስናወራ የከረምነው።